ገበያው በግማሽ ቢወርድ ሳይሸጡ መቆየት ይችሉ ይሆን? የአንድ የደብረ ማርቆስ ቤተሰብ የጉዳይ ጥናት

ባልየው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ናቸው። ሚስትየው ከሉማሜና ከቢቸና ጤፍ፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በቆሎ እየገዙ ደብረ ማርቆስ ላይ የሚሸጡ የእህል ነጋዴ ናቸው። አሥራ አምስት ዓመት ያጠራቀሙትን ከሞላ ጎደል አክሲዮን ላይ አውለውታል። የመጡበት ጥያቄ አጭር ነበር፦ የአክሲዮን ዋጋ በግማሽ ቢወርድ ሳንሸጥ መቆየት እንችላለን ወይ? ማንነታቸው እንዳይታወቅ ቁጥሮቹን አጠጋግተናል፣ የባንኮቹንም ስም ትተናል። ስሌቱ ግን የተሠራው በእነሱው ሒሳብ ላይ ነው።

መጀመሪያ ለየብቻ ጠየቅናቸው። ሁለቱም «አንሸጥም» አሉ። መምህሩ «አክሲዮን እንደ መሬት ነው፣ ችግር መጣ ተብሎ አይሸጥም» ብለው አከሉበት። ይህን መልስ ጽፈን አስቀመጥነውና ወደ ሒሳቡ ገባን።

በግማሽ የሚከፈለው የትኛው ቁጥር ነው?

የመጀመሪያው ስህተት የተገኘው ገና ምንም ሳይወርድ ነው። መምህሩ በደብተራቸው የአንደኛውን ባንክ 900 አክሲዮኖች 1,350,000 ብር ብለው መዝግበዋል። የእያንዳንዱ አክሲዮን የተመዘገበ ዋጋ 1,000 ብር ሆኖ ሳለ 1,500 ያሉት አንድ የሥራ ባልደረባቸው በዚያ ዋጋ እንደሸጠ ስለሰሙ ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ የሸጠበት ዋጋ የገበያ ዋጋ አይባልም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ነው። በየዕለቱ የሚታይ ዋጋ ያላቸው ኩባንያዎች ገና ጥቂት ናቸውና፣ በዚህ ገበያ ያልተመዘገበ አክሲዮን የያዘ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚወስድ ገዢ በእርግጥ የሚያገኝበትን ዋጋ መያዝ አለበት። እኛ 1,000 ብር ይዘን ሄድን። በሰሙት 1,500 ቢፈተኑ ኖሮ ዋጋው በግማሽ ወርዶም 750 ብር የሚሸጥ ይመስላቸው ነበር። በዚያ ስሌት ፈተናው የሚያጽናና ውጤት ያሳያል፣ እውነተኛው ችግር ግን አይታይም።

ተስተካክሎ የተጻፈው ሀብታቸው ይህን ይመስላል። ከአንደኛው ባንክ 900,000 ብር፣ ሙሉ በሙሉ የተከፈለ። ከሁለተኛው ባንክ ለ600,000 ብር ፈርመው 300,000 ብር ከፍለዋል። ጥቅምት 2017 የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ መሸጥ ሲጀምር በ300 ብር ሒሳብ 400 አክሲዮን፣ ማለትም የ120,000 ብር ገዝተዋል። የአክሲዮኑ ድምር 1,320,000 ብር ነው። ከዚህ ሌላ 180,000 ብር ቁጠባና መጋዘን ውስጥ ያለ የ500,000 ብር እህል አላቸው።

በዕዳ በኩል ቤታቸውን አስይዘው ከአንደኛው ባንክ የወሰዱት የ400,000 ብር ኦቨርድራፍት፣ ማለትም እስከተፈቀደው ጣሪያ እያወጡ እየመለሱ የሚሠሩበት ብድር፣ አለ። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ይታደሳል፤ ወለዱም 18 በመቶ ስለሆነ በወር 6,000 ብር ይመጣል። በወር 10,000 ብር የሚጥሉበት እቁብ ደግሞ አስቀድሞ ወጥቶላቸዋል። ዘጠኝ ወር ይቀረዋልና ለእኛ ስሌት የ90,000 ብር ዕዳ ነው። ብዙ ሰው የወጣለትን እቁብ ዕዳ ብሎ አይቆጥረውም። ሰው ፊት የሚከፈል ስለሆነ ግን ከባንክ ብድር ይልቅ የማይታለፍ እሱ ነው።

ለምን ሃምሳ በመቶ?

ሃምሳ ዝም ብሎ የተመረጠ ቁጥር አይደለም። የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች መለኪያ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከ2000 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. 49 በመቶ ገደማ ወርዷል። ከጥቅምት 2007 እስከ መጋቢት 2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ 57 በመቶ ወረደ፤ ወደ ቀድሞ ዋጋው የተመለሰው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አምስት ዓመት ተኩል ፈጀ ማለት ነው። በግማሽ የወረደ ነገር ወደ ነበረበት ለመመለስ በእጥፍ ማደግ አለበትና ጊዜው መርዘሙ አያስገርምም።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የናይጄሪያ ታሪክ ነው። የሌጎስ ገበያ ከመጋቢት 2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ 70 በመቶ አካባቢ ወረደ። በዚያ ገበያ የባንክ አክሲዮኖች ድርሻ ትልቅ ነበር፣ ባንኮቹም ራሳቸው ለአክሲዮን መግዣ ብዙ ብድር ሰጥተው ነበር። ዋጋው ሲወርድ ተበዳሪዎች መክፈል አቃታቸው፣ ባንኮቹ ተናጉ፣ ነሐሴ 2009 እ.ኤ.አ. ማዕከላዊ ባንኩ የአምስት ባንኮችን ዋና ሥራ አስፈጻሚዎች አነሳ። እነዚህ የደብረ ማርቆስ ባልና ሚስት ከሀብታቸው አብዛኛውን በባንክ አክሲዮን ይዘዋል፣ ከባንክ ተበድረዋል፣ ቁጠባቸውንም እዚያው ባንክ አስቀምጠዋል። ባንኮች በአንድ ጊዜ ቢቸገሩ በሦስቱም በኩል ይጎዳሉ። ፈተናውን የሠራነው ይህን አስበን ነው።

መጀመሪያ በብር፣ ቀጥሎ በወር

«50 በመቶ» ሲባል ሰው ብዙም አይደነግጥም። ወደ ብር ሲለወጥ 660,000 ይሆናል። የቤታቸው ወጪ በወር 26,000 ብር ነውና ይህ የ25 ወር ቀለብ ነው። በመምህሩ የተጣራ ደመወዝ፣ በ14,000 ብር ብናካፍለው፣ 47 ወር ሆነ። መምህሩ ይህን ቁጥር ሲያዩ ዝም አሉ። ሚስትየው ግን ቀጠሉ፦ «መጋዘን ያለ ጤፍ ቢሆን እጠብቀዋለሁ። ታኅሣሥ ቢረክስ ነሐሴ ይወደዳል። ይሄኛው መቼ እንደሚመለስ በምን አውቃለሁ?»

ትልቁን ልዩነት በራሳቸው ሙያ አገኙት። የእህል ዋጋ ከወቅት ጋር ይሄዳል። ጤፍ ደግሞ አይነቅዝምና አስቀምጦ መጠበቅ ያዋጣል። አክሲዮን ግን እንዲህ ያለ ወቅት የለውም። «እስኪመለስ እንጠብቃለን» የሚል ሰው ስንት ዓመት መጠበቅ እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት አለበት።

ስለዚህ ፈተናውን በወራት ዘረጋነው። መነሻችን ጥር ነው፤ ምክንያቱም ያኔ እህሉ ተገዝቶ መጋዘን ገብቷል፣ ኦቨርድራፍቱም እስከ ጫፉ ተወስዷል። የዓመቱ የትርፍ ድርሻም ደርሷቸው ከ180,000 ብሩ ቁጠባ ውስጥ ገብቷል። ለፈተናው የያዝናቸው ግምቶች አራት ናቸው። አክሲዮኑ ሁሉ በአንድ ቀን በግማሽ ይወርዳል። የእህል ንግዱ የወር ትርፍ ከ25,000 ወደ 15,000 ብር ይቀንሳል። የሚቀጥለው ዓመት የትርፍ ድርሻ ዜሮ ነው። ባንኩ ሚያዝያ ላይ ኦቨርድራፍቱን የሚያድሰው በግማሹ፣ በ200,000 ብር ብቻ ነው። የመጨረሻውን ግምት ሲሰሙ ባልና ሚስቱ «ይሄማ በዛ» ብለው ነበር። ነገር ግን ባንክ ራሱ ገንዘብ ሲያጥረው በቅድሚያ የሚቀንሰው በየዓመቱ የሚታደሰውን ብድር ነው።

አምስተኛው ነገር ግምት ሳይሆን የተፈረመ ውል ነው። ብሔራዊ ባንክ ነባር ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 2018 ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ ባዘዘው መሠረት ብዙ ባንኮች ባለአክሲዮኖቻቸውን አስፈርመዋል። ባልና ሚስቱም ከሁለተኛው ባንክ ከፈረሙት ላይ ያልከፈሉት 300,000 ብር በሁለት ዙር ይጠየቃል፦ 150,000 መጋቢት ላይ፣ 150,000 ሰኔ ላይ።

የወር ገቢያቸው 29,000 ብር ይሆናል። ወጪው ለቤት 26,000፣ ለእቁብ 10,000፣ ለወለድ 6,000፣ በድምሩ 42,000 ብር ነው። በየወሩ 13,000 ብር ይጎድላል።

| ወር | በወሩ የሆነው | በእጅ የቀረ ገንዘብ |
|---|---|---|
| ጥር | የወር ጉድለት 13,000 | 167,000 |
| የካቲት | የወር ጉድለት 13,000 | 154,000 |
| መጋቢት | ጉድለትና የአክሲዮን ክፍያ 150,000 | −9,000 |
| ሚያዝያ | ጉድለትና የኦቨርድራፍት ቅነሳ 200,000 | −222,000 |
| ግንቦት | ወለዱ ስለቀነሰ ጉድለቱ 10,000 | −232,000 |
| ሰኔ | ጉድለትና የአክሲዮን ክፍያ 150,000 | −392,000 |

ገንዘቡ ያለቀው በሦስተኛው ወር ነው። «አንሸጥም» ያለው ቤተሰብ መጋቢት ላይ ለመሸጥ ይገደዳል። ያስገደደውም ፍርሃት ሳይሆን ቀን የተቆረጠለት ክፍያ ነው።

ጉድለቱን ምን ይሸፍነዋል?

ሚስትየው ወዲያው እህሉን አነሱ። ይቻላል፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ነሐሴ ላይ 500,000 ያወጣል የተባለው እህል መጋቢት ላይ በጥድፊያ ቢሸጥ 350,000 ብር ቢያመጣ ነው ብለው የገመቱት ራሳቸው ናቸው። ይህም 392,000ውን አይሞላም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ እህሉ የንግዱ መንቀሳቀሻ መሆኑ ነው። ሸጠው ለክፍያ ካዋሉት እስከሚቀጥለው መኸር የ15,000 ብሩ የወር ገቢም አብሮ ይቆማል።

የሁለተኛውን ባንክ የክፍያ ጥሪ አለመክፈልስ? ጥሪው ደርሶ ሳይከፈል ከቀረ አክሲዮኑ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ዋጋ በወረደበት ወቅት ሐራጅ ማለት አስቀድሞ የተከፈለውንም 300,000 አደጋ ላይ መጣል ነው።

የቀረው አክሲዮን መሸጥ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦

የሚሸጠው አክሲዮን በቀድሞ ዋጋው = የጎደለው ገንዘብ ÷ (1 − የወረደው መጠን)

392,000 ሲካፈል ለ0.5፣ 784,000 ብር ይሆናል። 392,000 ለማግኘት በቀድሞ ዋጋው 784,000 ብር የነበረ አክሲዮን መሸጥ አለባቸው። ይህ መጀመሪያ ከያዙት ከ1,320,000 ብሩ አክሲዮን 59 በመቶ ነው። ከዚያ በኋላ ገበያው ሙሉ በሙሉ ቢመለስ እንኳ መጀመሪያ ከያዙት የሚመለስላቸው የቀረው 41 በመቶ ብቻ ነው። እስኪሸጡ ድረስ በወረቀት ላይ የነበረው ኪሳራ በሰኔ እውነተኛ ኪሳራ ሆነ።

ኪሳራው ሳይቀንስ የተገኘው መፍትሔ

መምህሩ መፍትሔው «አክሲዮኑን ቀንሶ ሌላ ነገር መግዛት» ነው ብለው ጠብቀው ነበር። እኛ ግን የተከተልነው ገበያው ሳይወርድ፣ ገዢ ባለበት ጊዜ፣ ቀን የተቆረጠላቸውን ክፍያዎች ማስወገድን ነው።

ከአንደኛው ባንክ 300 አክሲዮን በ300,000 ብር ሸጠው የሁለተኛውን ባንክ ቀሪ ክፍያ አስቀድመው ዘጉ። ከዚህ በኋላ ከሁለቱም ባንኮች 600,000፣ 600,000 ብር አላቸው። የአክሲዮናቸው ድምር አሁንም 1,320,000 ነው። ገበያው በግማሽ ቢወርድ የሚያጡት ያው 660,000 ብር ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ቢሆንም ትልቅ ነው፦ መጋቢትና ሰኔ ላይ የሚጠይቃቸው የለም።

ቀጥለው 100 አክሲዮን ጨምረው ሸጡና ቁጠባቸውን 280,000 ብር አደረሱት። ኦቨርድራፍቱን ወደ 250,000፣ የሚገዙትን እህል ወደ 350,000 ብር አወረዱ። የንግዱ ትርፍ በዚያው ልክ አነሰ፤ በደህና ጊዜ 20,000፣ በፈተናው 12,000 ብር ብለን ያዝነው። ሚስትየው ይህን የተቀበሉት ከብዙ ክርክር በኋላ ነው፣ እውነታቸውንም ነው፤ በየወሩ የሚቀርባቸው 5,000 ብር በግልጽ የሚታይ ገንዘብ ነው። በመጨረሻም ገበያው ቢወርድ ከቤት ወጪ የትኛው እንደሚቆረጥ አስቀድመው ስም በስም ጽፈው 4,000 ብር አገኙ። «እንቀንሳለን» የሚል ቃል በስሌቱ ውስጥ አይገባም፤ የምን ወጪ፣ ስንት ብር ተብሎ ሲጻፍ ብቻ ነው የሚቆጠረው።

ፈተናውን ደገምነው። ገቢ 26,000 ነው። ወጪው ለቤት 22,000፣ ለእቁብ 10,000፣ ለወለድ 3,750 ስለሆነ የወር ጉድለቱ 9,750 ብር ነው። እስከ ሚያዝያ በአራት ወር 39,000 ይወጣል። ባንኩ ኦቨርድራፍቱን በግማሽ ቢቀንስ 125,000 ከቁጠባ ይከፈላል፣ እህሉም ሳይነካ ይቆያል። በእጅ 116,000 ይቀራል። ከግንቦት እስከ መስከረም በየወሩ 7,875 ይጎድላል፤ መስከረም ላይ ደግሞ ለልጆች የትምህርት ቤት ወጪ 20,000 ጨመርንበት። ዝቅተኛው ነጥብ በዚያ ወር ወደ 57,000 ብር ነው። ጥቅምት ላይ እቁቡ ያልቃል፣ ገቢና ወጪው ይገናኛል፣ እንዲያውም በወር 2,000 ብር ያህል ይተርፋል። ከዚያ ወዲያ ገበያው እስኪመለስ አምስት ዓመት ቢፈጅ እንኳ ለመሸጥ የሚያስገድድ ነገር በስሌቱ ላይ የለም።

ለማነጻጸር እንዲሆን በዚህ አቀማመጥ አክሲዮናቸው 1,220,000 ነው፤ ሲወርድ የሚያጡት 610,000 ብር። ከበፊቱ የሚያንሰው በ50,000 ብቻ ነው። መያዝ አለመቻልና መያዝ መቻል የተለዩት በኪሳራው መጠን ሳይሆን በክፍያዎቹ ቀን ነው።

ቁጠባው የት ይቀመጥ?

180,000 ብሩ ያለው ኦቨርድራፍት በወሰዱበትና አክሲዮን በያዙበት በዚያው ባንክ ነበር። ዕዳ ባለበት ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ክፍያ ሲዘገይ በቀላሉ ለዕዳው ሊያዝ ይችላል። የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድም ሽፋኑ በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ነው። ስለዚህ 280,000ውን ሦስት ቦታ ከፈሉት፣ በየባንኩ ከ100,000 በታች፣ አብዛኛውም ከአበዳሪው ባንክ ውጭ። የአንድ ወር የቤት ወጪ በጥሬ ገንዘብ ቤት እንዲኖርም መከርን። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር ጎጃም ውስጥ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም። በስልክ ብቻ የሚደረስበት መጠባበቂያ እንዲህ ባለ ጊዜ መጠባበቂያ አይሆንም።

የዚህ ሁሉ ዋጋ አለው። የተቀመጠ ብር በዋጋ ንረት ይሸረሸራል፣ የቁጠባ ወለዱም ያን አይሸፍንም። ለዚህ ነው 280,000 ላይ ያቆምነው፤ ስሌቱ ከዚያ በላይ አልጠየቀም።

አንድ ነገር ይህ ፈተና አያሳይም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአክሲዮናቸው የብር ዋጋ በዚያ ሰሞን ምንም አልወረደም። በዶላር ሲታይ ግን በግማሽ አካባቢ ወርዷል፣ በማንም ደብተር ላይ ሳይጻፍ። ልጅ ውጭ አገር ለማስተማር ወይም ከውጭ ዕቃ ለማስመጣት የሚያጠራቅም ሰው ስሌቱን በዚያ ገንዘብ መድገም አለበት። እነዚህ ባልና ሚስት ወጪያቸው ሁሉ በብር ስለሆነ አልደገምነውም።

ሽያጩ ያስተማረው

400ውን አክሲዮን ለመሸጥ ዘጠኝ ሳምንት ፈጀ። ገዢዎቹ ሦስት ናቸው፣ ሁለቱ ዘመድ። ዋጋው የተመዘገበው 1,000 ብር ሆነ፤ በ1,500 የጠየቀ አንድም ሰው አልመጣም። አብዛኛው ጊዜ የሄደው ገዢ በመፈለግ ነው፣ ቀሪው በውልና ባንኩ የአክሲዮን መዝገብ ላይ ስም በማዛወር። ይህ ሁሉ ሰላም በሆነ ገበያ ነው። ስለዚህ በደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ አዲስ ግምት ገባ፦ ገበያው በወረደ ጊዜ አክሲዮን ለስድስት ወር ጭራሽ አይሸጥም ተብሎ ይሰላ። ቀጣዩን ፈተና በዚህ ግምት ኅዳር ላይ፣ የአዲሱ እህል ግዢ ሳይጀመርና ከኦቨርድራፍቱ ብር ሳይወጣ፣ ሚስትየው ራሳቸው ይሠሩታል።